በፎቶው ቦታ የተጻፈች ቃል

«ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ።»

መመሪያችን ይቺ ነበረች፤ ሦስት ቃል። በትልልቅ ፊደል ታትማ፣ ከኮምፒውተሬ በላይ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ተለጥፋ፣ ወራት ሙሉ ቁልቁል ስታየኝ ከርማለች። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ሳያት ቅን ትመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስታውሳት ደሜ ይፈላል። እንዴት እንደሚታይ ሳያስተምሩ ያያችሁትን ጻፉ ማለት፣ ሸክምን ከራስ አውርዶ የሌላ ሰው ጫንቃ ላይ መጣል ነው።

የምንሠራው አሶሳ ውስጥ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ከቀትር በኋላ እሳት በሚተፋበት ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ጸሐፊ ነኝ። ለሁለት ዓመት ብዬ መጥቼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ የማንጎ ችግኝ ተክዬ ፍሬውን እስክበላ የቆየሁ። የድሮ ሠራተኞች ማኅደር ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይግባ ሲባል፣ ጣቷ ፈጣን ነው ተብዬ ከነበርኩበት ቢሮ ተነሥቼ እዚያ ተመደብኩ። ጣቴ እውነትም ፈጣን ነበር። ችግሩም የመጣው ከዚያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሌላ ክፍል ያለ ማሽን ወረቀቱን ያነሣዋል። ምስሉ እኔ ዘንድ ይመጣና ከስክሪኑ በግራ በኩል ይቀመጣል። እኔ እያየሁ በቀኝ በኩል ፊደል በፊደል እተይባለሁ። ምስሉ ካለ መተየቡ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ከምስል ውስጥ የሰው ስም ፈልግ ቢሉት አያገኝም፤ የተተየበውን ግን በቅጽበት ያወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ማስረጃ ፈልጎ ሲመጣ የሚሰጠው የተተየበው ነው። ያ ወረቀት ታትሞ፣ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ማኅተም አርፎበት ይወጣል። ዋናው ወረቀት በሲባጎ ታስሮ፣ ምስጥ እንዳይደርስበት ግቢው ውስጥ ያለ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ እሱን የሚያስታውሰው የለም።

እንግዲህ በአገራችን መሥሪያ ቤት ወረቀት ንጹሕ ሆኖ አያልፍም። ደብዳቤ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ በየጠረጴዛው የየራሱን ጠባሳ ይቀበላል። ኃላፊው ራስጌው ላይ ምሪቱን ይጽፋል፤ «ለሰው ሀብት፣ ተጣርቶ ይቅረብ»። ሰው ሀብት ጎኑ ላይ «አነጋግረኝ» ይላል። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ይሰጠዋል። አንዱ ስልክ ሲያወራ የሰማውን ቁጥር እግርጌው ላይ ይጭራል፤ ሌላው ብዕሩ መጻፍ አለመጻፉን ይሞክርበታል። ይህን ሁሉ እያየሁ «ያየሽውን ሁሉ ጻፊ» ስባል፣ ምን እንደወጣ ገምቱ። በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ መምህር የዝውውር ጥያቄ ስተይብ፣ ሰውየው ስለ እናቱ ሕመም በትሕትና እየለመነ ሳለ፣ በመሀል አንድ ኃላፊ ጎኑ ላይ የጫረው ገብቶበት፣ በራሱ በለማኙ አንደበት «ይሄ ሰውዬ አሁንም መጣ?» ብሎ አረፈው። ከጎኔ ያሉት ጸሐፊዎች ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። ያ ሣቅ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከሣቁ በኋላ ግን አስተባባሪያችን ዘንድ ሄጄ ነበር። ከመሀል አገር በኮንትራት የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ወጣት ነው። «በኋላ በእጅ የተጨመረውን ከታተመው ብንለየውስ? በቅንፍ አድርገን፣ የት ቦታ እንደተጻፈና በምን እንደተጻፈ ብንጠቁም?» አልኩት።

«እህቴ፣ ቅንፍ ገጹን ያበላሸዋል» አለኝ። «አንባቢው ግራ ይጋባል። ደግሞስ አንድ ገጽ ላይ እንደዚያ ከቆምሽ የቀኑን ኮታ መቼ ትጨርሻለሽ?»

ኮታ ነበረብን። በቀን የተተየበው ገጽ ብዛት በየስማችን ትይዩ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ የእኔ ስም ብዙ ጊዜ ከላይ ነበር። ከላይ መሆን ይጣፍጣል። መከራከሬን ተውኩና መተየቤን ቀጠልኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ የኛ ሰዎች። እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀም የተጎነበሰችው ግን ሌላ ሴት ናት።

ክረምቱ መግቢያ ላይ ነው የመጣችው። በሸርቆሌ መንገድ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ጫማዋ በቀይ ጭቃ ተለውሶ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ብብቷ ሥር ይዛ። የበርታ ሴት ናት፣ ሃምሳዎቹን የተሻገረች፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ እጇ ትልቅ። አማርኛን ትልቅ ከሆነች በኋላ ስለለመደችው፣ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው።

«እህቴ፣ የወረቀት ሰው አንተ ነህ?»

«ነኝ እናቴ፣ ይቀመጡ» አልኳት።

አልተቀመጠችም። ፌስታሉን ፈትታ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ። ከእኛው ቤት የወጣ ግልባጭ ነው፤ ማኅተሙ ገና አልደበዘዘም። አንድ መስመር ሥር በቀይ ብዕር ተሰምሮበታል፦ «የሥልጠናው ጊዜ፦ አንድ ዓመት። አልተሟላም።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጅ አዋለድኩ» አለች። «ሌሊት ጠሩኝ፣ ሄድኩ። ዝናብ ነው፣ ሄድኩ። አሁን ፈቃድ ይታደስ ተባለ፣ የሥልጠና ወረቀት አምጣ አሉኝ። የኔን ወረቀት ምስጥ በላው። ሣጥኑንም በላ፣ ወረቀቱንም በላ። ከዚህ ወሰድኩ፣ ሰጠሁ። ይሄ ‹አልጨረስክም› ይላል አሉኝ። ወላሂ አንድ ቀን አልቀረሁም!»

የሆነው ይህ ነው። ሴትዮዋ በድሮው የጤና ረዳትነት ሥልጠና አንድ ዓመት ሙሉ ተምራ፣ ተመድባ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ አርጅታለች። አሁን ከማዋለጃ ክፍል አስወጥተው ካርድ ክፍል አስቀምጠዋታል። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥልጠናዋን መጨረሷን የሚያሳይ ማስረጃ ካላመጣች ከሥራ ትሰናበታለች።

«ካርድ እጽፋለሁ» አለች፣ ትልልቅ እጆቿን እያየች። «ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው በር ላይ ያዩኛል። ‹አንተ ለምን አትገባም?› ይሉኛል። ምን ልበል? አልተማርኩም ልበል?»

የወረቀቱን እግርጌ አየሁ። በእያንዳንዱ ግልባጭ ታች የተየበው ሰው መለያ ቁጥር አለ። የእኔ ነው።  ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ትንሽ ይታገሡኝ፣ አጣራለሁ» የሚል ነው። ፈሪ ነኝ፤ ያን ቀን በደንብ ዐወቅሁት። እሷ ግን አመሰገነችኝ፤ «አላህ ይስጥህ» አለችኝ፤ ይህንንም እስካሁን አልረሳውም።

ምስሉን ከኮምፒውተር አወጣሁት። የሥልጠናና የምደባ ቅጽ ነው። ረድፎቹ በማባዣ ማሽን የታተሙ ናቸው፦ የሠልጣኝ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የሥልጠናው ዓይነት፣ የሥልጠናው ጊዜ፣ የተመደበበት ጤና ጣቢያ። ክፍት ቦታዎቹ በእጅ ተሞልተዋል። ከ«አንድ ዓመት» በስተቀኝ፣ ትንሽ ራቅ ብላ፣ «አልተሟላም» የምትል ቃል ቆማለች። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ጥቁር ነው። ፋይሉ እንዳይከብድ ተብሎ ማሽኑ በጥቁርና ነጭ ብቻ እንዲያነሣ ተደርጓል፤ የደበዘዙ ገጾች እንዲወጡ ደግሞ ጥቁረቱ ተጨምሯል። ሰማያዊ ብዕር ይሁን፣ እርሳስ ይሁን፣ የማተሚያ ቀለም ይሁን፣ ምስሉ ላይ አንድ ነው። የተየብኩበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። አላስታውሰውም። ከብዙ ገጽ አንዱ ነበርና ምን ብዬ አስታውሰዋለሁ?

ያናደደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ቅጹ ላይ ከዚያች መስመር ቀጥሎ የተመደበችበት ጤና ጣቢያ ተጽፏል። ሥልጠናዋን ያልጨረሰች ሴት እንዴት ተመደበች? ይህን ከጤና ጣቢያዋ ጀምሮ እስከ ላይ ድረስ፣ ያ ወረቀት በእጁ ካለፈ ሰው መካከል አንድም የጠየቀ የለም። ማኅተም አለው፣ በኮምፒውተር ተጽፏል፣ በቃ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ፤ ምስጥ በላ፣ እኔ ተየብኩ፣ የተመታችው እሷ ናት።

አስተባባሪው ዘንድ ገባሁ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ዋናውን ወረቀት ከኮንቴይነር ላውጣ ብዬ ጠየቅሁት።

«የተመለሰ ወረቀት እንደገና አይወጣም። አሠራር አለን» አለ። ቆየት ብሎ ፊቱ በራ። «ግን ያነሣሽው ነጥብ ጥሩ ነው። ችግሩ የእጅ ጽሑፉ ከሆነ፣ የእጅ ጽሑፍን ጭራሽ እንተወዋ!»

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ግድግዳዬ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የታተመውን ብቻ ጻፉ።» እሷም አራት ቃል አልሞላችም።

ቁጭ ብዬ የሴትዮዋን ቅጽ በአዲሱ መመሪያ ተየብኩት። ሲያልቅ አትሜ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። እንዲህ ይላል፦ የሠልጣኝ ስም፤ ባዶ። የትውልድ ቦታ፤ ባዶ። የሥልጠናው ዓይነት፤ ባዶ። የሥልጠናው ጊዜ፤ ባዶ። የተመደበበት ጤና ጣቢያ፤ ባዶ። ቀን፤ ባዶ። ፊርማ፤ ባዶ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«የታተመው ብቻ» አልኩት። «ሴትዮዋ የለችም። ስሟ በእጅ ነው የተጻፈው።»

 ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጸሐፊዎቹ በር ላይ ተሰብስበዋል። እኔ ግን ጀምሬያለሁና አላቆምኩም። የእጅ ጽሑፍ ሁሉ አንድ አይደለም አልኩት። ቅጽ የሚሞላው ብዕር የሰነዱ አካል ነው፤ ያለ እሱ ቅጹ ምንም አይደለም። ጸሐፊው ከመፈረሙ በፊት የተሳሳተውን ሰርዞ፣ አስተካክሎ፣ አጠገቡ ፊርማውን ካኖረ ያም የሰነዱ አካል ነው፤ እዚያው ቦታው ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ የመጣ ምሪት፣ ምልክት፣ የማንም ሰው አስተያየት ግን በሰነዱ ላይ ያለ እንጂ የሰነዱ አይደለም። ሁለቱን ደባልቀህ ብትጽፍም ውሸት ነው፣ ሁለቱንም ብትጥልም ውሸት ነው። ለይተህ ሁለቱንም መያዝ ነው ሥራው! ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ለካ ስንት ወር ሙሉ በውስጤ ሲብላላ ኖሯል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ባዶውን ቅጽ ገልብጦ እያኖረ። «አንድ ማኅደር ብቻ። ለአንድ ቀን።»

የኮንቴይነሩ ቁልፍ የነበረው መዝገብ ቤቱን ከጥንት ጀምሮ የያዙ ሽማግሌ እጅ ነው። በሠፈራ ዘመን ከወላጆቻቸው ጋር ከወሎ የመጡ ናቸው፤ በልጅነት መጥተው ሸብተው እንኳ የወሎ ለዛቸው አልለቀቃቸውም። የእኛ ፕሮጀክት ሲጀመር ማንም ምክራቸውን አልጠየቀም። ኮምፒውተር አያውቁም ተብሎ ነው። ወረቀት ማወቃቸውን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት!

«ነይማ የኔ እናት» አሉኝ፣ ነገሩን ስነግራቸው። «እስቲ እንየው። ወረቀት በፊቱ ብቻ አይነበብም እኮ። ጀርባውንም፣ አግድሙንም ማየት ነው።»

ማኅደሩን አወጡና በሩ ላይ፣ ፀሐይ በጎን በምትገባበት ቦታ ያዙት። ያኔ ነው ያየሁት። ቅጹን የሞላው ብዕር ሰማያዊ ነው፤ ወረቀቱን ሲገለብጡት የብዕሩ ጫፍ የወጋው ቦታ በጀርባ በኩል በጣት ይዳሰሳል። ፊርማው ጥቁር ነው፤ ወይን ጠጁ ማኅተም ላዩ ላይ አርፏል። «አልተሟላም» የምትለዋ ቃል ግን እርሳስ ናት። ወረቀቱን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ብረት ታብለጨልጫለች። በዙሪያዋም አራት ማዕዘን ሣጥን አለ፤ መስመሩ ስስ፣ ግራጫ፣ ከጊዜ ብዛት የጠፋ ለመምሰል ትንሽ የቀረው። ማሽኑ እርሳሷን አጥቁሮ ሣጥኑን ጭራሽ አላነሣውም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አስጠጉት።

«የፎቶ ቦታ ነው» አሉ። «ፎቶ የለበትም።»

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። «አስተባባሪው ይሄ ግምት ነው ይለኛል» አልኳቸው። «ማኅተሙ እርሳሷን አይነካትም። በፊት ትጻፍ በኋላ ትጻፍ አይታወቅም።»

«ግምት ነው ካለሽ ጎረቤቶቹን ጠይቂያቸዋ» አሉ፣ ማኅደሩን እየከፈቱ። የአንድ ዙር ሠልጣኞች ቅጽ ሁሉ በአንድ ላይ ነው የታሰረው። አንድ በአንድ ገለጥን። ፎቶ የተለጠፈበት ቅጽ ላይ እርሳስ የለም። ፎቶ በሌለበት ላይ፣ እዚያችው ሣጥን ውስጥ፣ በዚያው እርሳስ፣ በዚያው እጅ «አልተሟላም» ተጽፏል። አንደኛው ቅጽ ላይ ፎቶም የለም፣ እርሳስም የለም። ሽማግሌው በጣታቸው ሣጥኑን ዳሰሱና ፈገግ አሉ። ደረቅ ሙጫ ነው። ፎቶው ኋላ ወደቀ እንጂ ያን ቀን ነበረ። ከዚያ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ያልተሟላው ሥልጠናው አይደለም፤ ፎቶው ነው። አንዲት የፓስፖርት ፎቶ!

እዚያው ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በሐዘን አይደለም፤ በንዴት ነው። ለዚች አንዲት ሣጥን ሲባል አንዲት ሴት ከማዋለጃ ክፍል ወጥታ ካርድ ስትጽፍ፣ በር ላይ የሚያምጡ ሴቶች ሲያዩዋት፣ እኔ ስሜ ሰሌዳው ላይ ከላይ መሆኑን እያየሁ ሻይ እጠጣ ነበር።

በዚያው ቀን ቅጹን እንደገና ተየብኩት። የታተመውን በራሱ መስመር፣ በብዕር የተሞላውን ከትይዩው አደረግሁ፤ ከገጹ ሥር ደግሞ ለብቻው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በፎቶ ሣጥን ውስጥ፣ በእርሳስ፣ ቅጹን ከሞላው በተለየ እጅ፦ ‹አልተሟላም›። ፎቶ አልተለጠፈም። በዚሁ ማኅደር ፎቶ የሌላቸው ሌሎች ቅጾችም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው።» አስተባባሪው አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«ማን ጻፈው?» አለ።

«አይታወቅም።»

«ካልታወቀ እኔ እንዴት እፈርማለሁ? ነገ ሌላው መጥቶ እርሳሱን የጻፈው የሥልጠና ኃላፊው ቢሆንስ ቢለኝ?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ክፉ አይደለም። ያኔ ግን ልሰማው አልቻልኩም። ስህተቱ ሲወጣ ያለ ምንም ጥያቄ ማኅተም የመታ እጅ፣ እርማቱ ሲመጣ ማስረጃ በማስረጃ ላይ ይጠይቃል። ለማጥፋት አንድ ጣት ይበቃል፤ ለማቅናት አገር ምድሩ ይሰብሰብ ይባላል። ይህን በልቤ ይዤ ለሴትዮዋ ስልክ አስደወልኩ። ከማኅደሯ ሌላ የሚያስረዳ ነገር ካላት ይዛ እንድትመጣ ነበር ሐሳቤ።

ምንም አልያዘችም። ያንኑ ፌስታል ብቻ ይዛ መጣች። አስተባባሪው ቢሮ ውስጥ እኔ፣ እሱና ሽማግሌው ሆነን ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋንላት። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምታየው። ስሟን በጣቷ ተከተለችው። የትውልድ ቦታዋን ተከተለችው። ከዚያ ጣቷ ወደ ቀኝ ሄዶ እርሳሷ ላይ ቆመ።

«ይሄ እጄ ነው» አለች።

«ምን አሉ?» አለ አስተባባሪው።

«ይሄ የኔ ጽሑፍ። እኔ ነኝ የጻፍኩ።»

 እሷ ቆማ እንደ ተራ ነገር ነገረችን። ሥልጠናው አልቆ ምደባ የሚጠብቁበት ሳምንት ነው። ቅጹ ብዙ ነበር፣ ጸሐፊው አንድ። ጽሑፍሽ ደህና ነው፣ ነይ አግዢኝ አላት። ፎቶ ያላቸውንና የሌላቸውን እንድትለይ፣ የሌላቸው ላይ እርሳስ ሰጥቶ ሣጥኑ ውስጥ እንድትጽፍ አዘዛት።

«ለየሁ» አለች። «የኔ ወረቀት መጣ። ፎቶ የለኝም። የኛ ሰፈር ፎቶ አንሺ የለም፤ አሶሳ መምጣት ብር የለም። ጸሐፊው አያይም፣ ሻይ ሄደ። የኔን ልለፍ? የሌላው ሰው ላይ ጽፌ የኔን ልለፍ? ሐራም ነው። ጻፍኩ።»

አስተባባሪው ከመሳቢያው እርሳስና ባዶ ወረቀት አውጥቶ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ጎንበስ ብላ ጻፈችው። የ«ሟ» እግር ከመስመሩ በታች ረዝሞ ወደ ግራ ታጥፏል፣ ልክ ቅጹ ላይ እንዳለው። ሽማግሌው የሌሎቹን ሠልጣኞች ቅጽ ከጎኑ ደረደሩ። ሁሉም ላይ ያው እግር ነው።

ፈረመ። ማኅተሙንም ራሱ መታው። በእኛ ስህተት የተሰጠው ግልባጭ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ እዚያው እየተናገረ አስተየበኝ፤ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ሚኒባስ ይዛው እንድትሄድ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ደብዳቤውን ስትቀበል ሴትዮዋ «ያን የመጀመሪያውን ማን ጻፈ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ቶሎ ብሎ «ሲስተሙ ነው እናቴ፣ የሲስተም ስህተት ነው» አላት።

ሲስተሙ! እሷ ማንም ሳያያት በራሷ ወረቀት ላይ በራሷ እጅ ጽፋለች። እኛ በጠራራ ፀሐይ ሲስተም ጀርባ ልንደበቅ ነው።

«ሲስተም አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የተየብኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ። እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ደብዳቤውን አጥፋ ፌስታሉ ውስጥ አስገባች፣ አፉን ቋጠረች፣ ብብቷ ሥር ያዘች።

«እኔ ያን ጊዜ አስቤ ነው የጻፍኩ» አለችኝ። «አንተስ?»

 ሚኒባሱ እንዳያመልጣት ወጥታ ሄደች።